«ሠላሳ በመቶ ቆረጡብኝ»፦ የተጎዳ ዕቃ በአዲስ ሲተካ የእርጅና ቅናሽ ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

ባለፈው ክረምት ጎረቤቴ ከሐረር ወደ ድሬ ሲወርዱ ደንገጎ ላይ መኪናቸው ተንሸራተተች። ሰው አልተጎዳም፣ ተመስገን። የፊት ግራ ጎኗ ግን ከመንገዱ ዳር ካለው ድንጋይ ጋር ተላተመ። ጎማው ተቀደደ፣ ሾክ አብዞርበሩ ተሰበረ፣ ፓራፋንጎው ተጨማደደ፣ የፊት መብራቱም ረገፈ።

ጎረቤቴ መምህር ናቸው። መኪናቸው አሥር ዓመቷ ነው፤ ሙሉ ኢንሹራንስ አላት። ጋራዡ 94,000 ብር ፕሮፎርማ ጻፈ። ኢንሹራንሱ ደግሞ የምከፍለው 60,800 ነው አለ። እኔ ጋራዥ ውስጥ ለዓመታት ፕሮፎርማ ስጽፍ ስለኖርኩ ወረቀቱን ይዘው ቤት መጡ። «አቦ ልጄ፣ ሠላሳ በመቶ ቆረጡብኝ። ምን አድርጌ ነው?» አሉኝ።

ምንም አላደረጉም። የእርጅና ቅናሽ ቅጣት አይደለም። የተቆረጠባቸው ገንዘብ ግን ልክ አልነበረም። ወረቀቱን አብረን ስናየው ያገኘናቸው ስህተቶች ብዙ ባለመኪና የሚወድቅባቸው ናቸው።

ቅናሹን በሙሉ እንደ ዝርፊያ ማየት

መጀመሪያ ይሄ ይስተካከል። የንብረት ኢንሹራንስ የካሳ ውል ነው። የንግድ ሕጉ ቁጥር 678 ካሳው አደጋው በደረሰበት ቀን ንብረቱ ከነበረው ዋጋ መብለጥ የለበትም ይላል። በቀላል አማርኛ፣ ኢንሹራንስ ከአደጋው በፊት ወደነበሩበት ይመልስዎታል እንጂ ከዚያ የተሻለ ቦታ ላይ አያስቀምጥዎትም።

ጎማዎ ሊላጭ ትንሽ ቀርቶት ነበር እንበል። በአደጋ ተቀደደና አዲስ ጎማ ተገጠመልዎት። አደጋው ባይደርስ በጥቂት ወራት ውስጥ ከኪስዎ አውጥተው የሚገዙት ጎማ ነበር። አሁን ያ ወጪ ቀረልዎት። ይህ ትርፍ ነው ቤተርመንት የሚባለው። ድርሻውን መክፈል ተገቢ ነው።

እዚህ ላይ ከተግባባን ጥያቄው «ለምን ቆረጡ?» መሆኑ ይቀራል። ጥያቄው «ከየትኛው ዕቃ ላይ፣ ስንት፣ በምን መሠረት?» ይሆናል። ይህን የጠየቀ ሰው መልስ ያገኛል።

አንድ ድምር ቁጥር ተቀብሎ መሄድ

መምህሩ የተሰጣቸው ወረቀት ላይ «ተቀናሽ 33,200 ብር» ብቻ ነበር የተጻፈው። ዝርዝር እንዲሰጣቸው በጽሑፍ ጠየቁ። ሲመጣ ሁለት የማይገናኙ ነገሮች ተደምረው ተገኙ። 5,000 ብሩ ኤክሰስ ነው። እሱ በውሉ ላይ የተጻፈ፣ በእያንዳንዱ አደጋ ባለመኪናው የሚሸከመው የመጀመሪያ ድርሻ ነው። ዕቃው አዲስ ይሁን አሮጌ አይመለከተውም፤ ክርክርም የለበትም። ቀሪው 28,200 ብር ነው የእርጅና ቅናሹ።

ሁለቱ ተደባልቀው ሲቀርቡ ስህተቱ ይደበቃል። 28,200 ለብቻው ሲወጣ ግን ከየት እንደመጣ ወዲያው ታየ። የ94,000 ብር ሠላሳ በመቶ ነው።

የእጅ ዋጋ ላይም እርጅና እንዲቆጠር መፍቀድ

ከዚያ 94,000 ብር ውስጥ 23,000ው የላሜራ፣ የቀለምና የመካኒክ እጅ ዋጋ ነው። ዕቃው 71,000 ነው። የመካኒክ ጉልበት አያረጅም። ፓራፋንጎ የፈታና የገጠመ ሰው ሥራ የአሥር ዓመት መኪና ላይ ስለሆነ ብቻ ሠላሳ በመቶው ትርፍ አይሆንም። በውላቸውም የተጻፈው ቅናሹ «በአዲስ የሚተኩ መለዋወጫዎች» ላይ እንደሆነ ነው። እጅ ዋጋው ሲወጣ ብቻ 6,900 ብር ወደ እሳቸው ተመለሰ።

ይህ እንዲታይ ፕሮፎርማው ራሱ መከፋፈል አለበት። አንዳንድ ጋራዥ «የግራ ፊት ጥገና በሙሉ» ብሎ በአንድ መስመር ይጽፋል። እንዲህ ያለ ፕሮፎርማ ይዘው አይሂዱ። ዕቃ ለብቻ፣ እጅ ዋጋ ለብቻ ይጻፍልኝ ይበሉ።

የመኪናውን ዕድሜ የዕቃው ዕድሜ አድርጎ መቀበል

ትልቁ ገንዘብ የሚጠፋው እዚህ ነው። ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

መጀመሪያ ውሉን ያንብቡ። አንዳንድ ውል ላይ የእርጅና ሠንጠረዥ አለ። መኪናው ይህን ያህል ዓመት ከሆነው በአዲስ ዕቃ ላይ ይህን ያህል በመቶ ይቀነሳል ይላል። ሠንጠረዥ ካለና ፈርመው ከተቀበሉት እሱ ይገዛል። ለምሳሌ የመምህሩ ውል ለአሥር ዓመት መኪና ሠላሳ በመቶ የሚል ሠንጠረዥ ቢኖረው ኖሮ፣ ክርክሩ እጅ ዋጋው ላይ ያበቃና 67,700 ብር ይደርሳቸው ነበር። የሳቸው ውል ግን ሠንጠረዥ የለውም። «በአገልግሎት ብዛት የሚደርስ መልፋትንና እርጅናን አንከፍልም» ብቻ ነው የሚለው። ሠላሳ በመቶው የቢሮው ልማድ እንጂ የውሉ ቃል አልነበረም።

ሠንጠረዥ ከሌለ እያንዳንዱ ዕቃ በራሱ ይታያል። ዕቃዎች ደግሞ ሁለት ዓይነት ናቸው። በሥራ ብዛት እየተበሉ የሚያልቁ አሉ፤ ጎማ፣ ባትሪ፣ የፍሬን ሸራ፣ ፍሪሲዮን፣ ሾክ አብዞርበር፣ ማርሚታ። እነዚህ ቀናቸው ሲደርስ በራስ ገንዘብ መቀየራቸው አይቀርም። ስለዚህ ቤተርመንት አላቸው። ሌሎቹ ግን ካልተጋጩ በቀር ከመኪናው ጋር የሚኖሩ ናቸው፤ ፓራፋንጎ፣ ኮፈን፣ በር፣ መስታወት። የአሥር ዓመት መኪና አንድ አዲስ ፓራፋንጎ ስለተገጠመላት ሳንቲም አትጨምርም። ገዢ «ይሄ ጎን ተመትቶ ነበር» ብሎ እንደውም ዋጋ ይቀንሳል። ትርፍ ከሌለ የሚቀነስ ነገር የለም። ይህ እንግዲህ ፓራፋንጎው ከአደጋው በፊት ደህና ከነበረ ነው። ዝገት በልቶት ከነበረ ሌላ ነገር ነው።

የመምህሩ ዕቃዎች እነዚህ ነበሩ። ፓራፋንጎ 25,000፣ የፊት መብራት 20,000፣ ጎማ 12,000፣ ሾክ አብዞርበር 14,000። ፓራፋንጎውና መብራቱ ያለ ቅናሽ አለፉ። መብራቱ ላይ ጉዳቱን እንዲገምት ኢንሹራንሱ የላከው ሰርቬየር ትንሽ ተከራክሯል። የድሬ ፀሐይ የመብራት ፕላስቲክ ታደበዝዛለች፤ አዲሱ የተሻለ ያበራል አለ። እውነት አለው። ግን የቀኙ መብራት አልተነካም፤ እሱን አይተን መደብዘዙ እምብዛም እንዳልሆነ ተስማማን።

ጎማው ከተገዛ ስምንት ወሩ ነው። መምህሩ ደረሰኙን አስቀምጠው ነበር። ደረሰኝ ባይኖርስ? የጎማው ጎን ላይ አራት አሃዝ አለ። 1224 ቢል በፈረንጆቹ 2024 በ12ኛው ሳምንት ተመርቷል ማለት ነው። ያ ጎማው ከዚያ በፊት አለመገዛቱን ያሳያል። ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ግን የጥርሱ ጥልቀት ነው። ያ ጎማ አዲስ ሲሆን 8 ሚሊሜትር ጥርስ ነበረው። 1.6 ሚሊሜትር ሲደርስ ያበቃለታል፤ በጥርሱ መሀል ያለው ትንሽ ጉብታ የሚያመለክተው ይህንን ነው። ስለዚህ የሚሠራበት ጥልቀት 6.4 ነው። ባልተቀደደው በኩል ስንለካው 6.4 ሚሊሜትር ቀርቶታል። የተበላው 1.6 ነው፤ ከሚሠራበት አንድ አራተኛ። የ12,000 ሩብ 3,000 ብር። ይህን መምህሩ ያለ ክርክር ከፈሉ።

ሾክ አብዞርበሩ ግን ከመኪናዋ ጋር የመጣ ነው። እንደዚያ የሠራ ዕቃ አርጅቷል። ሰርቬየሩ ግማሹን፣ 7,000 ብር ቀነሰ። መምህሩ ቅር አላቸው፤ ሠላሳ በመቶ ቢሆን 4,200 ነበርና። እኔ ግን ተገቢ ነው አልኳቸው። በየዕቃው ይታይ ብለን ስንጠይቅ የሚጎዳንንም መቀበል አለብን። አለበለዚያ ፓራፋንጎው ላይ ያነሣነው ክርክር ራሱ ዋጋ ያጣል።

ስለዚህ የእርጅና ቅናሹ በሙሉ 10,000 ብር ሆነ። ኤክሰሱ 5,000 ሲጨመርበት 15,000። ከ94,000 ተቀንሶ 79,000 ብር ተከፈላቸው። በመጀመሪያው ስሌት ከቀረበላቸው በ18,200 ይበልጣል።

ስለ ባትሪ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ሙቀት የባትሪን ዕድሜ ያሳጥራል። ስለዚህ ድሬ ውስጥ የሁለት ዓመት ባትሪ ሐረር ካለው እኩያው የበለጠ ቢቀነስበት አይገረሙ።

አሮጌውን ዕቃ ለቁራሌ መስጠት

ዕቃው ከጠፋ መለኪያውም ጠፋ። የተቀደደውን ጎማ፣ የተሰበረውን ሾክ፣ ሁሉንም ክፍያው እስኪያልቅ ያስቀምጡ። ጥርሱን ከሜትር ጋር ፎቶ አንሡ። ያልተጎዳውን ጎንም እንዲሁ፤ ምስክርዎ እሱ ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። ኢንሹራንሱ አሮጌውን ዕቃ መረከብ ይችላል። ከተረከበ የቅሪቱን ዋጋ ከእርስዎ ላይ መቀነስ የለበትም። እርስዎ ጋ ከቀረ ግን ይቀነሳል። ተረክቦም ቀንሶም ከሆነ ሁለት ጊዜ ወስዷል።

ቅናሹን ለመሸሽ ያገለገለ ዕቃ በጅምላ መምረጥ

ያገለገለ ዕቃ ከተገጠመ የሚቀነስ እርጅና አይኖርም። ለበር፣ ለኮፈን፣ ለስፖኪዮ ይህ ጥሩ መንገድ ነው፤ ቀለሙ ከገጠመ እንደውም ቀለም ቀቢ አያስፈልግም። መሪ፣ ፍሬን፣ ቀበቶና ኤርባግ ላይ ግን እንዳያስቡት። በደንገጎ ጠመዝማዛ ቁልቁለት የሚወርድ ሰው የማን እንደነበረ የማያውቀውን የፍሬን ዕቃ ማመን የለበትም። እዚያ ላይ ቤተርመንቱን ከፍሎ አዲስ መግጠም ይሻላል።

ጥፋቱ የሌላው ሲሆንም ሠንጠረዡን መቀበል

ቆመው ሳሉ ባጃጅ መጥቶ ቢገጭዎት፣ በባጃጁ ውል ላይ ያለው የእርጅና ሠንጠረዥ እርስዎን አያስርዎትም። ያንን ውል አልፈረሙም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2091 ካሳው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል ይሁን ይላል። የተላጨ ጎማዎ በአዲስ ከተተካ በእርግጥ ያተረፉትን ሊከራከሩዎት ይችላሉ። «የኛ ሠንጠረዥ እንዲህ ይላል» ግን ለእርስዎ መልስ አይደለም።

ዝርዝሩን ሳያዩ መፈረም

ቼኩ ከመሰጠቱ በፊት የሚፈረመው ወረቀት «ሙሉ በሙሉ ተከፍሎኛል፣ ሌላ ጥያቄ የለኝም» ይላል። ከፈረሙ በኋላ የእጅ ዋጋው ስህተት ቢገኝ ማንሣት በጣም ይከብዳል። ቅሬታዎን አስቀድመው በደብዳቤ ያስገቡ፤ ኮፒው ላይ ማኅተም ያስመቱ። መምህሩ ያደረጉት ይህንን ነው። ደብዳቤያቸው ግማሽ ገጽ ነበር፤ አራቱ ዕቃዎች ከነዋጋቸው፣ የጎማው ልክ፣ የውሉ አንቀጽ ቃል በቃል።

መካኒኩ የቀኙም ሾክ አብዞርበር አብሮ ይቀየር ብሎ ነበር። ልክ ነው፤ አንዱ አዲስ አንዱ አሮጌ ሲሆን መኪናዋ ኩርባ ላይ እኩል አትይዝም። ግን በአደጋው አልተጎዳምና ኢንሹራንስ አይከፍለውም። ያንን መምህሩ ከተመለሰላቸው ገንዘብ ላይ 14,000 ብር አውጥተው አስገጠሙት።