ከወሊድ ወይም ከረጅም የሕመም ፈቃድ የተመለሰን ሠራተኛ ስንመዝን ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ የየክፍሉ ኃላፊ የሥራ አፈጻጸም መመዘኛ ቅጽ ይዞ ይቀመጣል። ቅጹ የተዘጋጀው ሠራተኛው ዓመቱን ሙሉ በሥራ ገበታው ላይ እንደነበረ ታስቦ ነው። በመሆኑም ከዓመቱ ውስጥ አራትና አምስት ወር በሕጋዊ ፈቃድ ላይ የነበረ ሠራተኛ ጉዳይ ሲመጣ ቅጹ መልስ አይሰጥም፤ ኃላፊው በገዛ ፍርዱ ይሞላዋል፤ ስህተቱም የሚጀምረው ከዚያ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 90 ቀናት ከደመወዝ ጋር የሚሰጥ ፈቃድ ይፈቅዳል። ለታመመ ሠራተኛ የሚሰጠው የሕመም ፈቃድም በ12 ወር ጊዜ ውስጥ እስከ ስድስት ወር ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ጉዳዩ አልፎ አልፎ ብቻ የሚያጋጥም አይደለም።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንከተለው። አዳማ ውስጥ ቆርቆሮ፣ ቀለምና ሌሎች የግንባታ ዕቃዎችን በሚያከፋፍል ድርጅት የምትሠራ አንዲት የሽያጭ ሠራተኛ አለች እንበል። ደንበኞቿ በአዳማ፣ በሞጆ፣ በወንጂና በአሰላ መስመር ያሉ ሱቆች ናቸው። የዓመቱ የሽያጭ ዕቅዷ 12 ሚሊዮን ብር ነው። ከጥቅምት 1 ጀምሮ የወሊድ ፈቃዷን ከዓመት ፈቃዷ ጋር አያይዛ ወጣች፤ መጋቢት 1 ተመለሰች። በመሥሪያ ቤት የነበረችባቸው ወራት እንግዲህ ከሐምሌ እስከ መስከረም ሦስት፣ ከመጋቢት እስከ ሰኔ አራት፣ በድምሩ ሰባት ናቸው። በእነዚህ ወራት 5.1 ሚሊዮን ብር ሸጣለች።

የመጀመሪያው ስህተት፦ ክንውኑን ከሙሉው ዓመት ዕቅድ ጋር ማነጻጸር

5.1 ሚሊዮን ለ12 ሚሊዮን ሲካፈል 42.5 በመቶ ይሆናል፤ በብዙ ድርጅቶች መለኪያ ይህ ከመጨረሻው ደረጃ የሚመደብ ውጤት ነው። እንዲህ ያለውን ስሌት ሆን ብሎ የሚሠራ ኃላፊ ብዙም አያጋጥምም። አብዛኛውን ጊዜ ስህተቱ ሳይታወቅ የሚገባው በኤክሴል ሠንጠረዡ በኩል ነው። የወራቱ ዕቅድ በአንድ ዓምድ፣ ክንውኑ በሌላ ዓምድ ተሞልቶ፣ በፈቃድ ላይ ባሉት ወራት የክንውን ሳጥን ውስጥ 0 ይጻፍና የዕቅዱ ሳጥን ግን እንዳለ ይቀራል። የታችኛው መስመር ሲደመር ፈቃዱ ራሱ እንደ ድክመት ተቆጥሮ ይወጣል። የየወሩን መቶኛ በመደመርና በማካፈል የሚሠሩትም ከዚሁ አያመልጡም፤ AVERAGE የሚለው ቀመር ባዶ ሳጥን ሲያገኝ ይዘልለዋል፣ 0 ሲያገኝ ግን ይቆጥረዋል። ሠንጠረዡን የሚሞላው ሰው በፈቃድ ወራት ትይዩ ዕቅዱንም ክንውኑንም መቶኛውንም ባዶ ማድረግ፣ ከጎኑም «ፈቃድ» ብሎ መጻፍ አለበት።

ሁለተኛው፦ ዕቅዱን በወር ቁጥር ብቻ አካፍሎ መተው

ይህ ስህተት ፍትሐዊ ስለሚመስል የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ኃላፊው «ሰባት ወር ከሠራች ዕቅዷ የ12 ሚሊዮን ሰባት አሥራ ሁለተኛ፣ ማለትም 7 ሚሊዮን ነው» ይላል፤ ውጤቷም 73 በመቶ ገደማ ይሆናል። ሆኖም የግንባታ ዕቃ ገበያ ዓመቱን ሙሉ እኩል አይሄድም። በክረምት ግንባታው ይቀዘቅዛል፤ ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው የበጋ ወቅት ደግሞ ሱቆቹ ዕቃ በብዛት ያነሳሉ። ድርጅቱ ራሱ ዓመቱ ሲጀመር ዕቅዱን በወር ሲከፋፍል ይህን አውቆ ነው የከፋፈለው፦ ከሐምሌ እስከ መስከረም 2 ሚሊዮን፣ ከጥቅምት እስከ የካቲት 6.5 ሚሊዮን፣ ከመጋቢት እስከ ሰኔ 3.5 ሚሊዮን። ሠራተኛዋ ያልነበረችው ገበያው በሚሞቅበት ወቅት ሲሆን የሠራችባቸው ወራት ዕቅድ ድምር 5.5 ሚሊዮን ብቻ ነው። 5.1 ሚሊዮን ከዚህ አንጻር 93 በመቶ ገደማ ነው።

ልዩነቱ በተቃራኒውም ይሠራል። ፈቃዱ በክረምት ወራት ቢውል ኖሮ በወር ቁጥር ማካፈሉ ለሠራተኛዋ ያልተገባ ጥቅም ይሰጣት ነበር፤ ይህም ዓመቱን ሙሉ ለሠራው ባልደረባዋ ፍትሕ አይደለም። ስለዚህ መነሻው ዓመቱ ሲጀመር በጽሑፍ የጸደቀው የየወሩ ዕቅድ መሆን አለበት። የወር ዝርዝር ካልነበረ ያለፉት ሁለት ወይም ሦስት ዓመታት የዚያው መስመር ሽያጭ በየወሩ ምን ያህል እንደነበር ከሒሳብ ክፍል ማውጣት ይቻላል። ስሌቱን ውጤቱ ከታወቀ በኋላ እንደ ልብ መቀያየር ግን አይገባም።

ሦስተኛው፦ የርክክቡን ጊዜ መርሳት

ሠራተኛ ፈቃድ ሲወጣ ሥራው ለሌላ ይሰጣል፤ ሲመለስም ሥራው በተመለሰበት ቀን ወደ እጁ አይገባም። በምሳሌያችን ሠራተኛዋ መጋቢት 1 ብትመለስም የደንበኞቿ ዝርዝርና ያልተሰበሰበው የዱቤ ሒሳብ በርክክብ ሰነድ ተፈርሞ የተመለሰላት መጋቢት 16 ነበር። በመካከሉ በነበሩት 15 ቀናት ደንበኞቹ ትዕዛዝ የሚሰጡት ተክቷት ለሠራው ባልደረባ ነበር፤ እርሷ ምንም ሽያጭ አላስመዘገበችም። የመጋቢት ዕቅድ 1.1 ሚሊዮን ከነበረ ግማሹ፣ ማለትም 550 ሺህ ብር፣ የእርሷ ሊሆን አይችልም። ይህ ሲቀነስ ዕቅዷ 4.95 ሚሊዮን ይሆናል፣ ውጤቷም ከ103 በመቶ በላይ ይደርሳል። የአንዲት ሠራተኛ የአንድ ዓመት ሥራ እንደ አያያዙ 42.5፣ 73፣ 93 ወይም 103 ሊባል መቻሉን የሚያይ ኃላፊ ስሌቱን በቃል ብቻ ይዞ አይቀመጥም፤ የመረጠውን ምክንያት ከቅጹ ጋር አያይዞ ይጽፋል።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው አንድ ነገር አለ። ዕቅዱ የሚቀነሰው በርክክብ ሰነዱ ላይ ባለው ቀን መሠረት ብቻ ነው። በዚያ ጊዜ የተገኘ ሽያጭ ካለም ዕቅዱን ቀንሶ ሽያጩን ለእርሷ መያዝ አይቻልም። ተክቶ የሠራው ባልደረባም በእነዚያ ወራት ያመጣው ሽያጭ ከተጨማሪው ዕቅድ ጋር በስሙ መመዝገብ ይኖርበታል፤ በተመለሰችው ሠራተኛ ላይ የሚነሳው ቅሬታ አብዛኛው የሚመነጨው የተኪው ድካም ሳይመዘገብ ሲቀር ነው።

አራተኛው፦ «ለማንም አይክፋ» ብሎ መካከለኛውን ነጥብ መስጠት

ማስረጃ መሰብሰብ የሰለቸው ኃላፊ ከአምስት ሦስት ይሰጥና ያልፋል፤ ወይም ያለፈውን ዓመት ነጥብ ይገለብጣል። ሁለቱም ምዘና አይደሉም። ጎበዟን ሠራተኛ የዕድገት ዕድሏን ያሳጣታል፣ ደካማውን ደግሞ ድክመቱ ሳይነገረው ሌላ ዓመት እንዲቀጥል ያደርገዋል። ከርኅራኄ የተነሳ ከፍተኛ ነጥብ መስጠትም ለእኔ እዚሁ የሚመደብ ነው፤ ባልደረቦቿ ነጥቡን «የእናትነት ስጦታ» ብለው ሲያወሩት የምትጎዳው እርሷው ናትና።

መፍትሔው ከፈቃዱ በፊት የሚጀምር ነው። የፈቃዱ ቀን ከታወቀ ኃላፊው በመውጫዋ ሳምንት እስከዚያ የነበረውን ሥራ በግማሽ ገጽ ይመዝግብ፦ ምን ሸጠች፣ ምን ያህል ዱቤ ሰበሰበች፣ የትኛውን ደንበኛ አመጣች፣ የት ላይ ጎደላት። ሁለቱም ይፈርሙበት። ይህ ካልተደረገ በሰኔ የሚታወሰው ከተመለሰች በኋላ ያለው ብቻ ነው፤ እንቅልፍ አጥታ የመጣችበት የመጀመሪያው ወር የዓመቱ ሁሉ መልክ ይሆናል። የሠራችበት ጊዜ ለመመዘን የማይበቃ ከሆነ፣ ለምሳሌ ሁለት ወር ብቻ ከሆነ፣ «በቂ ጊዜ ስላልነበረ አልተመዘነችም» ብሎ መጻፍ ይሻላል። ይህ ሲደረግ ግን አለመመዘኗ በዕድገት ውድድር ላይ እንደ ዝቅተኛ ውጤት እንዳይታይ የሰው ሀብት ክፍሉ አስቀድሞ በጽሑፍ መወሰን አለበት።

አምስተኛው፦ ፈቃዱን በሥነ ምግባር መስፈርቶች በኩል ማስገባት

«በሥራ ገበታ ላይ መገኘት»፣ «ለሥራ ያለው ትጋት»፣ «ለተጨማሪ ሥራ ዝግጁነት» በሚሉ መስፈርቶች ሥር ነጥብ ሲቀነስ ብዙ ጊዜ የተቆጠረው ፈቃዱ ነው። በሕግ የተፈቀደ ቀን መቅረት አይደለም። በእርግዝናዋ ወቅት ለሕክምና ክትትል በማስረጃ የሄደችባቸው ቀናትም እንዲሁ። መገኘት የሚለካው ልትገኝ ከሚገባት ቀናት አንጻር ብቻ ነው።

የአስተያየት መስጫው ላይም «ሠራተኛዋ በዓመቱ አብዛኛውን ጊዜ አልነበረችም» የሚል ዓረፍተ ነገር መግባት የለበትም፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ፋይሉን የሚያነብ ሌላ ኃላፊ ምክንያቱን አያውቅም። «ይህ ምዘና ከሐምሌ 1 እስከ መስከረም 30 እና ከመጋቢት 16 እስከ ሰኔ 30 የተሠራውን ሥራ ይመለከታል» ማለት ይበቃል። በሕመም ፈቃድ ላይ ለነበረ ሠራተኛ ደግሞ የበሽታው ስም በምዘና ቅጽ ላይ ፈጽሞ አይጻፍም፤ የሐኪም ማስረጃው የሚቀመጠው በሰው ሀብት ክፍል ነው፣ የቅርብ ኃላፊው ማወቅ የሚያስፈልገው ቀኖቹን ብቻ ነው። ሐኪሙ ለተወሰነ ጊዜ ቀላል ሥራ እንዲሠራ ካዘዘና ድርጅቱ ከተቀበለ፣ የዚያን ጊዜ መመዘኛ የተሰጠው ቀላል ሥራ እንጂ የቀድሞው አይደለም።

የመጨረሻው፦ ነጥብንና ቦነስን ማደባለቅ

ቦነስ በተሠራበት ጊዜ ልክ ይከፈል ወይስ ሙሉውን የሚለው የድርጅቱ መመሪያ ወይም የኅብረት ስምምነቱ የሚመልሰው ጥያቄ ነው። ነጥቡ ግን በጊዜ አይካፈልም። ነጥቧ ከ4.5 ወደ 3 ዝቅ ተደርጎ፣ ቦነሱም በሰባት ወር ተሰልቶ ከተሰጣት ለአንድ ፈቃድ ሁለት ጊዜ ተቀንሶባታል። የሰው ሀብት ክፍሉ ክፍያውን ከማጽደቁ በፊት በዓመቱ ውስጥ ረጅም ፈቃድ የወጡትን ሠራተኞች ዝርዝር ለይቶ፣ የዘንድሮ ነጥባቸውን ካለፈው ዓመት ጋር ቢያስተያይ ይህ የት የት እንደተፈጸመ በቀላሉ ይታየዋል። ነጥባቸው በአንድ ክፍል ውስጥ በጅምላ ወርዶ ከተገኘ ቅጾቹ ለኃላፊው ተመልሰው የስሌቱ ምክንያት በጽሑፍ ሊጠየቅ ይገባል፤ ሠራተኞቹም ነጥቡን ከመፈረማቸው በፊት ዕቅዳቸው ስንት ተብሎ እንደተያዘ ሊያዩ ይገባል።