የመጀመሪያ መፅሐፋችሁ ጀርባ ላይ ስለራሳችሁ እንዴት ትፅፋላችሁ?

ስለ ንብ ማነብ የፃፍኳት መፅሐፍ እንደወጣች ደሴ ፒያሳ አንድ መፅሐፍ አዟሪ ጋ ቆሜ፣ አንድ ሰውዬ አነሳትና ገልበጥ አድርጎ ጀርባዋን አንብቦ "እና ይሄ ልጅ ንብ ይዞ ያውቃል?" ብሎ አዟሪውን ጠየቀው። አጠገቡ ነኝ እኮ! ወላሂ ንብ ከያዝኩ 11 ዓመቴ ነበር፣ ጀርባው ላይ ግን የለም።

ያለው ምን መሰላችሁ፣ "ደራሲው በአምባሰል ተወለደ፤ የአንደኛ ደረጃ ትምህርቱን..." እያለ ሄዶ "በአሁኑ ሰዓት የወረዳው ግብርና ፅህፈት ቤት ባለሙያ፣ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነው" ይላል። ስናነበው ያደግነው ነገር ስለሆነ እጃችን ዝም ብሎ ይፅፈዋል። ለልቦለድ ያስኬድ ይሆናል። "በአሁኑ ሰዓት" የሚለውማ መፅሐፉ ማተሚያ ቤት እያለ ስለተዛወርኩ ገና ሳይሸጥ ውሸት ሆነ።

መጀመሪያ ስለራሳችሁ ያለውን ሁሉ ሳትመርጡ ወረቀት ላይ ዘርግፉት።

ጣጣው የመጀመሪያዋ አረፍተ ነገር ላይ ነው። መፅሐፉ ምን እንደሚያሰራ ባንድ መስመር ፃፉና ከዘረገፋችሁት ውስጥ ያንኑ በእጃችሁ እንደሰራችሁት የሚያሳየውን ፈልጉ። የኔ መፅሐፍ ንብን ከባህላዊ ቀፎ ወደ ዘመናዊ ስለማዛወር ነው። "የረጅም ዓመት ልምድ ያለው" ብዬ ሞከርኩ፣ ማንም የሚለው ነው። "ላለፉት 11 ዓመታት" አልኩ፣ እሱ ደሞ በዓመቱ ይበላሻል፤ "ከ2003 ዓ.ም ጀምሮ" ካላችሁ ግን አንባቢው ራሱ ይቆጥራል። ሁለተኛው እትም ላይ የገባው ይሄ ነው፦

"ደራሲው ከ2003 ዓ.ም ጀምሮ ሐይቅ አካባቢ ንብ ያረባል። መጀመሪያ ካዛወራቸው 5 መንጋዎች 4ቱ ኮብልለውበታል፤ ይህ መፅሐፍ ከዚያ በኋላ የተማረውን ይዟል። በእንስሳት ሳይንስ ዲግሪ አለው። የሚኖረው ደሴ ነው።"

የኮበለሉትን አንድ ጓደኛዬ "ያሳፍራል አውጣው" ብሎኝ ነበር። እምቢ አልኩ፣ ገዢው ራሱ ንቡ ኮብልሎበት ነው መፅሐፍ የሚፈልገው። ግን መፅሐፉ ውስጥ መልሱ ከሌለ ውድቀታችሁን ጀርባ ላይ አትፃፉት፣ ሰው መልሱን ፈልጎ ይገዛና ያጣዋል።

"ነው" ወይ "ናቸው" አንዱን ምረጡ። እኔ ራሴን አንቱ ማለት ይከብደኛል፤ አሳታሚው "ናቸው" ካለም ችግር የለውም፣ የሚያስጠላው "ተወለዱ" ብሎ ጀምሮ "ይኖራል" ብሎ መጨረስ ነው።

ከ50 ቃል አትለፉ፣ ፎቶው፣ ዋጋውና ባርኮዱም እዛው ነው የሚሰፍሩት፣ ካስረዘማችሁ ዲዛይነሩ ፊደሉን ያኮስሰዋል። የላከላችሁን ፒዲኤፍ ስልክ ላይ አይታችሁ እሺ እንዳትሉ፣ በልኩ ፕሪንት አድርጉትና ክንድ ያህል አርቃችሁ አንብቡት።

ስልክ ቁጥር ካስገባችሁ ሌላ ሲም ይሁን፣ እኔ ጓንት አድርጌ ቀፎ ከፍቼ ነው የሚደውሉልኝ።