የኤፒአይ ክሬዲቴ የት ገባ? ቀድመው የከፈሉት ዶላር ሲጠፋ

ይሄ በኦፕንኤአይ ኤፒአይ ቦት ወይም አፕ ለሚሰሩ ነው። አሰራሩ የቅድመ ክፍያ ነው፤ መጀመሪያ ዶላር ትሞላለህ፣ ከዚያ በተጠቀምከው ልክ እየተቀነሰ ይሄዳል። ብዙ ሰው ግራ የሚጋባው ያልተጠቀመበት ቀሪ ገንዘብ ላይ ነው።

ምልክቱ። ትናንት ሲሰራ የነበረው ቦት ዛሬ መልስ አይሰጥም። ሎጉን ስትከፍት 429 ስህተት ታያለህ። ግን ሒሳብህ ላይ ገንዘብ እንደነበረ እርግጠኛ ነህ።

መጀመሪያ ስህተቱ ውስጥ ያለውን `code` አንብብ፣ ምክንያቱም 429 ለሁለት የተለያዩ ነገሮች ይመጣል።

```
"code": "insufficient_quota"
"code": "rate_limit_exceeded"
```

ሁለተኛው ከሆነ ገንዘብህ አልተነካም። በአጭር ጊዜ ብዙ ጥያቄ ልከሃል ማለት ነው፤ ትንሽ ቆይተህ እንደገና ሞክር። የመጀመሪያው ከሆነ ግን ጉዳዩ ክሬዲት ነው፤ ደጋግሞ መሞከር ምንም አይለውጥም።

መንስኤው። ሴቲንግ ውስጥ Billing ግባና Credit grants የሚለውን ክፈት። እዚያ እያንዳንዱ የሞላኸው ገንዘብ ለብቻው ተዘርዝሯል፤ መቼ እንደገባ፣ ምን ያህል እንደቀረው፣ መቼ እንደሚያበቃ ይታያል። የተገዛ ክሬዲት ከተገዛበት ቀን ጀምሮ አንድ ዓመት ብቻ ነው የሚቆየው። ዓመቱ ሲሞላ የተረፈው ወደሚቀጥለው አይተላለፍም፣ ተመላሽም አይደረግም።

እዚህ ላይ ነው ትልቁ ስህተት የሚሰራው። አንዳንድ የስልክ ጥቅል ሳያልቅ ሲታደስ የተረፈው አብሮ ይራዘማልና፣ ሰው እዚህም አዲስ ዶላር ሲሞላ የድሮው ቀን የሚገፋ ይመስለዋል። አይገፋም። እያንዳንዱ ግዢ የራሱ ቀን አለው።

በቁጥር እንየው። አንድ ሰው መጋቢት 1 ቀን 2016 (በፈረንጆቹ ማርች 10፣ 2024) 50 ዶላር ሞላ እንበል። ቦቱ ትንሽ ነው፣ በወር 2 ዶላር ገደማ ይበላል። በዓመቱ የወጣው 24 ዶላር ነው፣ 26 ቀረ። ማብቂያው ሊደርስ አምስት ቀን ሲቀረው «እንዲራዘምልኝ» ብሎ 5 ዶላር ጨመረ። ገጹ 31 ዶላር አሳየው፣ ተረጋግቶ ተኛ። ቀኑ ሲደርስ 26ቱ ሄደ፤ የቀረው ያቺ 5 ዶላር ብቻ ናት። 26 ዶላር በብር ሲመነዘር ስንት እንደሆነ ታውቁታላችሁ፤ በዚያ ላይ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ለማግኘት ያለው ልፋት አለ። ለዚህ ነው ቀኑን ማወቅ ዋጋ ያለው።

ጊዜው አልፎበት ነው ወይስ ሰው ሰርቆህ ነው? Usage ገጽ ላይ ያለውን ግራፍ ተመልከት። ፍጆታው እንደወትሮው ሆኖ ቀሪው በአንዴ ከወረደ፣ ያለፈበት ክሬዲት ነው። ግራፉ በድንገት ሽቅብ ከወጣ ግን ቁልፍህን ሌላ ሰው እየተጠቀመበት ሊሆን ይችላል፤ ወዲያው ሰርዘውና አዲስ አውጣ። ኮድህን ጊትሃብ ላይ ከነቁልፉ ለጥፈህ እንደሆነም እይ።

ክሬዲቱ በቦታው ካለ ደግሞ ቁልፉ የየትኛው ኦርጋናይዜሽን እንደሆነ አረጋግጥ። ገንዘቡ አንዱ ላይ ተሞልቶ ቁልፉ የሌላኛው ሆኖ ይገኛል። የቻትጂፒቲ ወርሃዊ ክፍያም ለኤፒአይ አያገለግልም፣ ሁለቱ ሒሳቦች የተለያዩ ናቸው።

መፍትሄው። ያለፈበትን ማስመለስ አይቻልም። ቦቱ እንዲነሳ አዲስ ክሬዲት መግዛት ብቻ ነው፤ ከገዛህ በኋላ ሒሳቡ ላይ እስኪታይ ጥቂት ደቂቃ ታገስ።

ገና ያላለፈበት ካለህ ግን የምትሰራው አለ። ስታቆያቸው የነበሩ ስራዎችን አሁን ላክ፤ የሚተረጎም ሰነድ፣ የሚመደብ የደንበኛ መልእክት፣ ኢምቤዲንግ የሚሰራለት ጽሁፍ። መልሱ እስከ 24 ሰዓት ቢዘገይ ችግር ከሌለው በባች ኤፒአይ ላከው፤ ዋጋው በግማሽ ስለሚቀንስ ያው ገንዘብ እጥፍ ስራ ይሰራልሃል።

ከዚያ በኋላ በፍጆታህ ልክ ግዛ። ዝቅተኛው ግዢ 5 ዶላር ነው። በወር 2 ዶላር ለሚጠቀም ሰው 10 ዶላር አምስት ወር ያህል ይወስደዋል፣ ዓመት የሚሞላበት ምክንያት የለም። አንዴ 50 መሙላት ቅናሽ አያስገኝም፣ የቶክኑ ዋጋ ያው ነው። ቦቱ መሃል ላይ እንዳይቆም የሚያሰጋህ ከሆነ አውቶ ሪቻርጅ አብራ፣ ግን የሚሞላውን መጠን ትንሽ አድርግ፣ የወር ጣሪያም አስቀምጥለት። የማብቂያውን ቀንም ከዛሬው ስልክህ ላይ መዝግበው፣ አንድ ወር ቀደም ብሎ እንዲያስታውስህ አድርገህ።