በፎቶ የመጣ ጎነ ሦስት፦ በፕሮትራክተር የተለካው ዘዌ ለምን ከትክክለኛው መልስ ይለያል?

በድሬዳዋ ለ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ የሚዘጋጁ ተማሪዎች የቆዩ ጥያቄዎችን በስልክ ፎቶ እያነሱ በቴሌግራም ይላላካሉ። ከእነዚህ መካከል ብዙዎችን የሚያሳስተውን አንድ ዓይነት ጥያቄ እንመልከት። በጎነ ሦስት ሀለሐ ጎን ለሐ እስከ ነጥብ መ ድረስ ተራዝሟል፤ አፍአዊው ዘዌ ሀሐመ 112° ነው፤ በጎን ሀለ እና በጎን ሀሐ ላይ እኩልነታቸውን የሚያሳዩ አጫጭር ጭረቶች አሉ። ዘዌ ሀ ስንት ነው? ምርጫዎቹ 44°፣ 56°፣ 68° እና 112° ናቸው።

ችግር፦ ዘዌው ስክሪን ላይ ሲለካ 57° ገደማ ስለሚሆን ተማሪው 56°ን ይመርጣል

መልሱ ስህተት ነው፤ ስህተቱ ግን ከምርጫዎቹ አንዱን ስለሚመስል ተማሪው አይጠራጠርም። ስዕሉ ላይ ሀሐ እና ለሐ እያንዳንዳቸው 5 ሳንቲ ሜትር፣ ሀለ ደግሞ 5.6 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆኑ፣ ዓይን እኩል ናቸው ብሎ የሚወስዳቸው ጥያቄው እኩል ያላላቸውን ጎኖች ነው።

ምክንያቱ ሁለት ነው። የመጀመሪያው ስዕሉ በልኬት ያልተሳለ መሆኑ ነው፤ ይህን የሚገልጸው ማሳሰቢያ ከስዕሉ ሥር በትንሽ ፊደል ስለሚጻፍ ፎቶው ሲቆረጥ አብሮ ተቆርጦ ይቀራል። ሁለተኛው ፎቶው ራሱ ነው። በእኩለ ቀን ፀሐይ ፎቶ የሚያነሳ ሰው የራሱ ጥላ ወረቀቱ ላይ እንዳያርፍ ስልኩን ወደ ጎን ያዘነብላል፤ ስልኩ ባዘነበለ መጠን ዘዌዎችና ርዝመቶች ይዛባሉ። የወረቀቱ ትይዩ ጠርዞች በፎቶው ውስጥ ወደ አንድ አቅጣጫ እየተቀራረቡ ከሄዱ ይህ መድረሱ ይታወቃል። ይሁን እንጂ ቀጥ ተደርጎ የተነሳ ፎቶም የመጀመሪያውን ምክንያት አያስወግድም፤ ስለዚህ ፕሮትራክተሩን ወደ ጎን መተው ይሻላል።

ልብ ሊባል የሚገባው፣ ሰዓሊውም ካሜራውም የሚያዛቡት ያንኑ ነገር መሆኑ ነው፤ ይኸውም የዘዌ ስፋትና የጎን ርዝመት። ሁለቱም የማይነኩት ደግሞ ቀጥ ያለ መስመር ቀጥ ብሎ መቆየቱን፣ ነጥቡ በየትኛው መስመር ላይ እንዳለና የነጥቦቹን ቅደም ተከተል ነው። ለ፣ ሐ እና መ በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ ናቸው ብሎ መቀበል ይቻላል፤ ሀሐ ከለሐ ጋር እኩል ነው ብሎ ከማየት ብቻ መነሳት ግን አይቻልም። 90° የሚመስል ዘዌም ቢሆን ትንሿ የካሬ ምልክት ካልተደረገበት ወይም በጽሑፍ ካልተገለጸ በቀር 90° ተብሎ አይወሰድም።

መፍትሄው ጥያቄውን በንጹሕ ወረቀት ላይ እንደገና መሳል ነው። ስዕሉ በእጅ የተሳለና ያላማረ ቢሆን ግድ የለም፤ የተሰጡት ቁጥሮችና ጭረቶች ብቻ ይግቡበት። ለ፣ ሐ እና መ በአንድ መስመር ላይ ስለሆኑ ውስጣዊው ዘዌ ሐ 180° ሲቀነስ 112°፣ ማለትም 68° ነው። ሀለ እና ሀሐ እኩል ስለሆኑ ከእነርሱ ፊት ለፊት የሚገኙት ዘዌዎች፣ ማለትም ሐ እና ለ፣ እኩል ናቸው፤ ስለዚህ ለም 68° ነው። ለዘዌ ሀ የሚቀረው 44° ይሆናል። ለማረጋገጥ ሀ እና ለ ይደመሩ፤ 44° እና 68° ከአፍአዊው ዘዌ 112° ጋር እኩል ይሆናሉ። ይህ ማረጋገጫ ግን የስሌት ስህተትን እንጂ የጭረት አነባበብ ስህተትን አይይዝም፤ ሁለት ጊዜ 56°ም 112° ነውና።

ችግር፦ የዘዌዎቹ ድምር ከ180° በላይ ይሆናል

ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ የፎቶው ጠርዝ ነጥብ መን ቆርጦ ስላስቀረው 112° ውስጣዊ ዘዌ ተደርጎ መነበቡ ነው። ያን ጊዜ ለም 112° ይሆንና ሁለቱ ብቻቸውን 224° ይደርሳሉ። ስለዚህ የዘዌው ቅስት ከየትኛው መስመር ተነስቶ የትኛው ላይ እንደሚያርፍ ፎቶውን አጉልቶ መከተል ያስፈልጋል።

ችግር፦ ጭረቶቹ አይታዩም

ብርሃን ያረፈበት ወይም የደበዘዘ ፎቶ ላይ ጭረቶቹ ከጠፉና የጥያቄው ጽሑፍም ስለ እኩልነት ምንም ካላለ፣ በእጅ ያለው ዘዌ ሀ እና ዘዌ ለ ተደምረው 112° መሆናቸው ብቻ ነው። ሀለ እና ሀሐ እኩል ከሆኑ መልሱ 44°፣ ሀሐ እና ለሐ እኩል ከሆኑ 56°፣ ሀለ እና ለሐ እኩል ከሆኑ ደግሞ 68° ነው፤ ሦስቱም በምርጫዎቹ ውስጥ ስላሉ ምርጫዎቹን አይቶ መለየት አይቻልም። በዚህ ጊዜ መገመት ትቶ ላኪውን ሌላ ፎቶ መጠየቅ ነው፤ ጥላ ሥር ሆኖ፣ ስልኩን ከወረቀቱ ትይዩ አድርጎ፣ ሦስቱንም ጎኖችና ከስዕሉ ሥር ያለውን ጽሑፍ ሳይቆርጥ እንዲያነሳ።