ስለ ባሕር አውሎ ነፋስ ስናወራ የምንሳሳታቸው ነገሮች

የካቲት ላይ ነው። ኮዬ ፈጬ ከኮንዶሚኒየማችን ጀርባ ካለው ገላጣ ሜዳ አቧራ እየተሽከረከረ ተነሳ። ፌስታሉን፣ ገለባውን፣ ገመድ ላይ የተሰጣ ፎጣ ሳይቀር ጠራርጎ ይዞ ወደ ላይ። ጎረቤቴ እትዬ “በስመ አብ!” ብለው አማተቡ። አሥራ አንደኛ ክፍል የምትማረው ልጃቸው ግን ዞር ብላ፣ “ጋሼ፣ ሳይክሎን ማለት ይሄው አይደል? ትልቁ?” አለችኝ።

አይደለም። ግን አልፈረድኩባትም። ጂኦግራፊ ሳስተምር በኖርኩበት ዘመን ይህንኑ መልስ በፈተና ወረቀት ላይ ስንቴ እንዳረምኩት አላውቅም። ከእሱ ጋር ተያይዘው የሚመጡ ሌሎች ስህተቶችም አሉ።

ስሙ አንድ ስለሆነ ነገሩም አንድ ይመስለናል

በአማርኛ ሁለቱንም “አውሎ ነፋስ” እንላቸዋለን። ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የሜዳው አቧራ የሚነሳው ፀሐይ ደረቁን መሬት ስታግለው ነው። የጋለው አየር ተሽከርክሮ ይወጣል፣ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ይበተናል። ስፋቱም ቢበዛ የአንድ ግቢ ያህል ነው። ሳይክሎን ግን ሞቃት ባሕር ላይ ይወለዳል፣ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ይሰፋል፣ ቀናት ይቆያል።

ትልቁ ልዩነት ግን መጠኑ አይደለም። አቧራው ደረቅ መሬት ይወዳል፤ ሳይክሎን ደረቅ መሬት ላይ ይሞታል። የሚበሉት ነገር የተለያየ ነው።

“የሚያንቀሳቅሰው የአየሩ ሙቀት ነው” ማለት

እንዲህ ቢሆን ኖሮ በረሃ ላይ ሲደርስ ይብስበት ነበር። የሳይክሎን ነዳጅ እንፋሎት ነው።

ምጣድ ላይ ያለ እንጀራ አክንባሎ ሲነሳለት እጅዎን እንፋሎት ነክቶት ያውቃል? ያ ሁሉ ማቃጠል ከየት መጣ? እንፋሎቱ ቆዳዎ ላይ ተመልሶ ውሃ ሲሆን፣ ሲተን የወሰደውን ሙቀት መልሶ ስለሚተፋው ነው። ይህ ሙቀት ቀላል አይደለም። 1 ሊትር ውሃ ተንኖ ሲያልቅ የሚወስደው ሙቀት 7 ሊትር ገደማ ቀዝቃዛ ውሃ እስኪፈላ ለማሞቅ ይበቃል።

ባሕር ላይ የሚሆነውም ይኸው ነው። ከሞቀው ውሃ የተነሳው እንፋሎት ወደ ላይ ወጥቶ ይቀዘቅዛል፣ ደመና ይሆናል፣ ያዘለውንም ሙቀት ይለቃል። መሃል ላይ ያለው አየር ሞቆ ይቀላል። ስለዚህ ከታች የባሕሩ ወለል ላይ የአየሩ ግፊት ይወርዳል። ዙሪያ ያለው አየር ያንን ክፍተት ለመሙላት ይጎርፋል። የምድር መሽከርከር አቅጣጫውን ስለሚያጣምመው ቀጥ ብሎ አይገባም፣ ይዞራል። (ምድር ወገብ አጠገብ ይህ ማጣመም በጣም ደካማ ነው። ለዚህ ነው ከምድር ወገብ እስከ 5 ዲግሪ ኬክሮስ ድረስ ሳይክሎን ብዙም የማይወለደው።) ነፋሱ በበረታ ቁጥር ደግሞ ከባሕሩ የሚነሳው እንፋሎት ይጨምራል። ነፋስ ያለበት ቀን ልብስ ቶሎ እንደሚደርቀው ማለት ነው። እንፋሎት ነፋስን፣ ነፋስ እንፋሎትን እየመገቡ ይቀጥላሉ።

ጋቲ የተባለውን ሳይክሎን እንውሰድ። ህዳር 2013 ዓ.ም. ከሶማሊያ በስተምሥራቅ ነበር። የነፋሱ ፍጥነት በሰዓት ከ65 ኪሎ ሜትር ተነስቶ በ12 ሰዓት ገደማ ውስጥ 185 ደረሰ። ህዳር 13 ቀን ሐፉን አካባቢ ወደ የብስ ሲገባ፣ ሶማሊያን ከመቱት ከተመዘገቡት ሁሉ ብርቱው ነበር።

“ባሕሩ ሞቃት ከሆነ ይበቃል”

የባሕሩ ሙቀት ከ26.5 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ መሆን እንዳለበት ተማሪ ሁሉ ይሸመድዳል። የሚረሳው ጥልቀቱን ነው። ሙቀቱ ወደ 50 ሜትር ገደማ መውረድ አለበት። ነፋሱ ባሕሩን ስለሚያማስለው ከላይ ብቻ የሞቀ ስስ ውሃ ከሆነ ከሥሩ ቀዝቃዛው ይወጣል። አውሎ ነፋሱ በገዛ እጁ ምግቡን ያበላሻል ማለት ነው።

ከላይ ያለው ነፋስም ልክ መሆን አለበት። ከታችኛው በጣም የተለየ ከሆነ የተከመረውን ደመና ገፍቶ ያዛንፈዋል፣ ሙቀቱም መሃል ላይ አይጠራቀምም። የእኛ ክረምት ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። በሐምሌና በነሐሴ የሶማሊያን ጠረፍ የሚጠርገው ሞንሱን የሚባለው ወቅታዊ ነፋስ ቀዝቃዛ ውሃ ከሥር ያወጣል፤ ከላይና ከታች ያለውም ነፋስ አይገጥምም። የአረቢያ ባሕር ሳይክሎኖች የሚበዙት ከክረምቱ በፊትና በኋላ የሆነው ለዚህ ነው። ጋቲም በህዳር መጣ።

“ተራራና ሕንፃ ነው የሚያስቆመው”

እዚህ ላይ መምህራንም ይሳሳታሉ። እኔም ለዓመታት እንዲህ ብዬ አስተምሬያለሁ፣ አልደብቅም። ዛፍ፣ ቤትና ኮረብታ ነፋሱን ያዘገዩታል፤ ተራራም ቅርጹን ያፈርሰዋል። ዋናው ምክንያት ግን የነዳጁ መቋረጥ ነው።

መሬትስ ሞቃት አይደለም? ነው፤ ግን ከላይ ከላይ ብቻ። አፈሩን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብትቆፍሩ ቀዝቃዛ ነው። ደመናው ፀሐይን ሲጋርድና ዝናቡ ሲወርድበት ያቺ የላይኛዋ ሙቀት ቶሎ ታልቃለች። ከሥር የሚተካት ደግሞ በጣም ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ባሕር ግን በሃምሳ ሜትር ጥልቀት የሞቀ ጎተራ አለው።

ኢዳይ የተባለው ሳይክሎን ይህን በደንብ ያሳያል። በየካቲት 2011 ዓ.ም. መጨረሻ ሞዛምቢክ ጠረፍ ላይ ደካማ ሆኖ ወደ የብስ ገባ። ለቀናት በየብስ ላይ ሲንከራተት ነፋሱ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ተመልሶ ሞቃቱ የሞዛምቢክ መተላለፊያ ላይ ሲወጣ ግን ነፍስ ዘራ። መጋቢት 5 ሌሊት ቤይራ ከተማን ሲመታ ነፋሱ በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር። በሁለቱ ጉዞዎች መካከል የተለወጠው ዋና ነገር ከሥሩ ያለው ሞቃት ውሃ ነው።

መዳከሙን ለማወቅ የሳተላይት ምስሉን ማየት ነው። መሃሉ ላይ ያለችው ጥርት ያለች ዓይን በደመና ትሞላለች፣ ዙሪያዋ ያለው ክብ ይላላል። በትንበያው ላይ ደግሞ የመሃሉ ግፊት ቁጥር ከፍ ማለት ይጀምራል። ብዙ ሰው ነፋሱን ብቻ ይከታተላል። እኔ ግፊቱን ማየት እመርጣለሁ።

“ተዳከመ ማለት አለቀ”

ከሁሉ የሚያስከፍለው ስህተት ይህ ነው። የሚዳከመው ነፋሱ ነው። ቀድሞ ወደ ላይ የወጣው እንፋሎት የትም አልሄደም፤ መውረዱ አይቀርም። ኢዳይም ነፋሱ ከወደቀ በኋላ ዝናቡ ስላላባራ የፑንግዌና የቡዚ ወንዞች ሞልተው ሜዳው ሐይቅ መሰለ። ዚምባብዌ ውስጥ ቺማኒማኒ ተራሮች ላይ ደግሞ ያው እርጥብ አየር ሽቅብ ተገፍቶ ጎርፍና የመሬት መንሸራተት አስከተለ። የጋቲም ነፋስ በሁለት ቀን ውስጥ ሲጠፋ፣ ሰሜን ሶማሊያ ውስጥ የዓመት ዝናብ የሚያህል በዚያው ጊዜ የወረደባቸው ቦታዎች ነበሩ።

“ታዲያ እኛ ጋ ደርሶ አያውቅም?” አለች ልጅቷ፣ ፎጣውን ከአጥሩ ላይ እያነሳች። አዲስ አበባ ከባሕር ርቃ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጣ ሳይክሎን አይመጣባትም አልኳት። አገራችን ግን ቀምሳዋለች። ግንቦት 2010 ዓ.ም. ሳጋር የተባለው በኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል ሶማሌላንድ ላይ ገባና ነፋሱ ተዳከመ። ዝናቡ ግን ጅቡቲንና የእኛን ሶማሌ ክልል አጥለቀለቀ።