«ዋጋው ስንት ነው?» ለሚል ደንበኛ

ባሕር ዳር ጋቢና ነጠላ የምትሸጠው እህቴ ድረ ገጿ ላይ የቴሌግራም ቁልፍ አስገባች። ከዚያ መልእክቱ ጎረፈ፤ ግን ሁሉም «ይሄ ስንት ነው?» ብቻ ነው የሚለው። የትኛው? አስራ ምናምን ዓይነት ጋቢ አላት! ፎቶ ላኩልኝ ስትል ደግሞ ግማሹ ጥፍት ይላል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ሁሉም ገጽ ላይ አንድ ዓይነት ሊንክ አታስገቡ፤ ለየእቃው የራሱን መለያ ኮድ ስጡትና ሊንኩ ውስጥ አስገቡት። የአንዱ ጋቢ ኮድ G12 ቢሆን፣ የመጀመሪያው ሊንክ ለዋትሳፕ፣ ሁለተኛው ለቴሌግራም ነው፤

```
https://wa.me/2519XXXXXXXX?text=G12%20ጋቢ
https://t.me/USERNAME?text=G12%20ጋቢ
```

ደንበኛው ሲነካው ቻቱ «G12 ጋቢ» ተጽፎበት ይከፈታል፤ ጥያቄውን ጨምሮ ራሱ ይልካል። %20 ማለት ክፍት ቦታ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የዋትሳፕ ቁጥሩ ላይ ነው። የመደመር ምልክትም፣ መጀመሪያ ላይ ያለችው 0ም አይገቡም፤ 251 ብላችሁ በቀጥታ በ9 (ወይ በ7) ቀጥሉ። 25109 ብሎ ከጀመረ ቁልፉ ያምራል እንጂ ቻቱ አይከፈትም። ለቴሌግራም ደግሞ መጀመሪያ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ዩዘርኔም አውጡ፤ ሊንኩ ላይ @ አትጻፉ።

ስትሞክሩት በራሳችሁ ስልክ አይሁን፣ የጎረቤት ስልክ ተዋሱ። የቆየ ቴሌግራም ያለው ሰው ቻቱ ባዶ ሆኖ ሊከፈትለት ስለሚችል ኮዱን ፎቶው ሥርም ጻፉት። እህቴ አሁን «G12 ጋቢ፣ ለጥምቀት ይደርሳል?» የሚል ሲመጣላት ወዲያው ትመልሳለች።