ግሩፕ ላይ ፕሩፍ መጻፍ ስትጀምሪ ልታስወግጃቸው የሚገቡ ስህተቶች

ውድ ተማሪዬ፣

የመልመጃ ወረቀትሽን ደጋግሜ አየሁት። አንዷን ጥያቄ ብቻ መርጬ እጽፍልሻለሁ፤ ሌሎቹ ላይ ያስቸገረሽ ነገር ሁሉ እሷ ላይ አለና። ጥያቄዋ «G ግሩፕ ነው፤ ለማንኛውም የ G አባል x፣ x² = e ነው። G ኮሙታቲቭ መሆኑን አረጋግጪ» የምትል ናት። አንቺ የጻፍሽው ደግሞ ይኸው፦

```
ab = ba
a(ab)b = a(ba)b
a²b² = (ab)²
e = e
```

ከሚፈለገው መነሳት

የመጀመሪያው መስመርሽ ልታረጋግጪ የተጠየቅሽው ራሱ ነው። ከእሱ ተነስተሽ እውነት የሆነ ነገር ላይ መድረስሽ ምንም አያረጋግጥም፤ ከሐሰት ተነስቶም እውነት ላይ መድረስ ይቻላልና። ሦስት ነገሮችን የማቀያየር ግሩፕ የሆነውን S₃ ውሰጂ። a፣ 1 እና 2ን ታለዋውጥ፤ b ደግሞ 1 እና 3ን። ሁለቱ እንደሚለያዩ ግልጽ ነው። አሁን «a = b» ብለሽ ጀምሪና ሁለቱንም ወገን ስኩዌር አድርጊ፦ a² = b²፣ ማለትም e = e። መጨረሻው ትክክል ነው፣ መነሻው ግን ውሸት ነበር።

ቢሆንም ያንን ሥራ አትጣይው። መልሱን ለመፈለግ ከሚፈለገው ወደ ኋላ መሄድ ጥሩ ዘዴ ነው፤ ቦታው ግን የሙከራ ወረቀት ላይ ነው። ካገኘሽ በኋላ እያንዳንዱ እርምጃ ወደ ኋላ ይመለስ እንደሆነ ትጠይቂያለሽ። በ a ማባዛት በ a⁻¹ ይመለሳል፤ ስኩዌር ማድረግ ግን አይመለስም። ያንቺ እርምጃዎች ሁሉም የሚመለሱ ናቸው፤ ስለዚህ ፕሩፉ በእጅሽ ነበር፣ የተጻፈው ግን ተገልብጦ ነው።

ፊደሎቹን ሳያስተዋውቁ መጀመር

a እና b እነማን እንደሆኑ የትም አልተጻፈም። በኅዳጉ ላይ አራት አባላት ያሉትን ግሩፕ ሰንጠረዥ ሠርተሽ ስላየሁ፣ እነዚያን ማለትሽ ይሁን ወይስ ማንኛውንም አባል፣ አንባቢ ሊያውቅ አይችልም። ሰንጠረዡ ነገሩን ለመረዳት ይጠቅማል፣ ስለ ሌሎቹ ግሩፖች ግን አይናገርም። «a እና b ማንኛቸውም የ G አባላት ይሁኑ» የምትለው አንድ ዓረፍተ ነገር ትበቃለች።

የተሰጠውን በከፊል ብቻ መጠቀም

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ ይቆማል። a² = e እና b² = e ብሎ ይጽፋል፣ ከዚያ መንገዱ ይዘጋበታል። መዘጋቱ አያስገርምም፤ እነዚህ ሁለቱ ብቻቸውን በቂ አይደሉም። የ S₃ ምሳሌያችንን ተመልከቺ፦ እዚያም a² = e፣ b² = e ነው። ግን መጀመሪያ b ቀጥሎ a ሲሠራ 1 ወደ 3 ይሄዳል፤ መጀመሪያ a ቀጥሎ b ሲሠራ ደግሞ 1 ወደ 2 ይሄዳል። ስለዚህ ab ≠ ba።

የተሰጠሽ ግን «ለማንኛውም x» ነው። ab ራሱ የ G አባል ስለሆነ በ x ቦታ እሱን ማስገባት ትችያለሽ፤ ያኔ (ab)² = e ይሆናል። የጥያቄው ቁልፍ ይህ ነው። አንቺም ተጠቅመሽበታል፣ ግን ከየት እንደመጣ አልጻፍሽም። «ለማንኛውም» የሚል ቃል ባየሽ ቁጥር በ x ቦታ የትኛውን አባል ባስገባ ይጠቅመኛል ብለሽ ጠይቂ።

የቁጥርን ልማድ ወደ ግሩፕ ማምጣት

ከሦስተኛው መስመር ጎን «በኤክስፖነንት ሕግ» ብለሽ ጽፈሻል። በግሩፕ ውስጥ (ab)² ማለት abab ነው፤ a²b² ደግሞ aabb። ሁለቱን እኩል ለማድረግ መሐል ያሉትን ba ወደ ab መቀየር ያስፈልጋል፣ ይህ ደግሞ ልናረጋግጠው የፈለግነው ነው። በ S₃ ውስጥ a²b² = e ሲሆን (ab)² ግን e አይደለም። በዚህ ጥያቄ እኩል የሆኑት ሁለቱም ለየብቻቸው e ስለሆኑ ነው፤ ምክንያቱን እንደዚያው ጻፊው።

ሲስተካከል ይህን ይመስላል፦

a እና b ማንኛቸውም የ G አባላት ይሁኑ። ab የ G አባል ስለሆነ፣ በተሰጠው መሠረት (ab)² = e ነው። እንዲሁም a² = e እና b² = e ስለሆኑ a²b² = e ነው። ስለዚህ abab = aabb። ሁለቱንም ወገን ከግራ በ a⁻¹፣ ከቀኝ በ b⁻¹ ስናባዛ ba = ab እናገኛለን። a እና b ማንኛቸውም ስለነበሩ G ኮሙታቲቭ ነው።

ለሚቀጥለው ስንገናኝ ሌላ ፕሩፍ ይዘሽ ነይ። x² = e ማለት x = x⁻¹ ማለት እንደሆነ አሳዪ፤ ከዚያ (ab)⁻¹ = b⁻¹a⁻¹ መሆኑን ተጠቅመሽ ab = ba ላይ ድረሺ። በእያንዳንዱ የእኩል ምልክት አጠገብ ምክንያቱን በአንድ ሐረግ ጻፊ፤ እሱን አብረን እናየዋለን።

አስጠኚሽ